የተነበበው፥ የተገመተውና የጠፋው



በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከብዙ ዘመን በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ተገኘ እንበል። የወረቀቱን አንዱን ማዕዘን አይጥ በልቶታል፤ መካከሉንም ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈዝዟል። ለጸሓፊው የተሰጠው ትእዛዝ ደብዳቤውን ገልብጦ ለአለቃው እንዲያቀርብ ነው። እንግዲህ ጸሓፊው ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው፥ የተበላውን ቦታ ዘልሎ የቀረውን ቃል ከቃል ጋር አያይዞ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፥ በጎደለው ቦታ ሊኖር ይችላል ብሎ የገመተውን ቃል አግብቶ ደብዳቤውን ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጎደሎውን በምልክት ማሳየት፥ ግምት ካለውም ግምቱን በምልክቱ ውስጥ መጻፍ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ የሄደ እንደ ሆነ አለቃው አንድ ነገር መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። በሁለተኛው መንገድ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ አለቃው የጸሓፊውን ሐሳብ የደብዳቤው ባለቤት ቃል ነው ብሎ ይፈርድበታል። ሦስተኛው መንገድ ብቻ ነው ለአንባቢው የተነበበውን፥ የተገመተውንና የጠፋውን ለይቶ የሚሰጠው። ጥንታዊ ጽሑፎችን የሚመረምሩ ሊቃውንት የተበጣጠሱ ብራናዎችንና ፓፒረሶችን ሲያሳትሙ የሚከተሉት ይህንኑ ሦስተኛውን መንገድ ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራና አንባቢው ምልክቶቹን ችላ ሲል ምን ስሕተት እንደሚከተል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቀድሞ እያንዳንዱ አሳታሚ በየራሱ ምልክት ይጠቀም ነበር። አንዱ በቅንፍ ውስጥ ያገባውን ቃል «ከብራናው ጠፍቶ እኔ የሞላሁት ነው» ሲል፥ ሌላው በዚያው ቅንፍ «በብራናው ላይ አለ፤ ነገር ግን መውጣት ይገባዋል» ማለቱ ነበር። አንድ ምልክት ሁለት ተቃራኒ ትርጕም ከያዘ ምልክት መሆኑ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ በ1931 በኔዘርላንድ አገር በሌይደን ከተማ በተደረገው የምሥራቅ ጥናት ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ስለ ምልክቶቹ አንድ ስምምነት ተዘጋጀ። እስከ ዛሬም «የሌይደን ደንብ» እየተባለ ይጠራል።

ደንቡ ብዙ ምልክቶች አሉት፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሦስቱ ይበቁናል። የመጀመሪያው ባለ ማዕዘን ቅንፍ ነው። በዚህ ቅንፍ ውስጥ ያለው ሁሉ በብራናው ላይ የለም፤ አሳታሚው የሞላው ነው። ሁለተኛው በዚሁ ቅንፍ ውስጥ የሚደረደር ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የጠፋ ፊደል ማለት ነው፤ ስለዚህ [....] የሚል ምልክት ያየ ሰው «አራት ፊደል ያህል ጠፍቷል፤ ምን እንደ ነበረ ግን አይታወቅም» ብሎ ያነባል። የጠፋው ልክ ካልታወቀ በነጥብ ፈንታ ሰረዝ ይገባል። ሦስተኛው ምልክት ከፊደል ሥር የምትቀመጥ ነጥብ ናት። ይህች ነጥብ «ፊደሉ በከፊል ይታያል፤ ነገር ግን የሚታየው ክፍል ለብቻው ሲታይ የሌላ ፊደልም ሊሆን ይችላል» ማለት ነው።

ነገሩን በራሳችን ፊደል ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። ለምሳሌ ያህል እኛው በፈጠርነው ዓረፍተ ነገር እንጠቀም። ከአንድ አሮጌ ብራና ላይ «ገዥው ለገ» የሚል ይነበባል፤ ቀጥሎ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው በኋላ «እህል እንዲሰጥ አዘዘ» ይላል። ገዥው እህል እንዲሰጥ ያዘዘው ለማን ነው? ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው «ለገበሬዎች» የሚለው ቃል ነው፤ እህልና ገበሬ አብረው የሚሄዱ ናቸውና። መርማሪው ግን ሐሳቡን ከማመኑ በፊት ማስመሪያውን ያነሣል። ከቀዳዳው በላይና በታች ባሉት ሙሉ መስመሮች ላይ በዚያው ስፋት ስንት ፊደል እንደሚገባ ይቈጥራል። ሁለት ፊደል ብቻ የሚገባ ሆኖ አገኘው እንበል። ደግሞም ከቀዳዳው በስተቀኝ ጠርዝ ላይ የአንድ ፊደል እግር ይታያል፤ ራሱ ግን ተቀዷል። እግሩ የ«ት» ወይም የ«ች» እግር ይመስላል፤ እነዚህ ሁለት ፊደላት የሚለያዩት በራሳቸው ላይ ባለው ምልክት ስለ ሆነ፥ ራሱ የጠፋ ፊደል ከሁለቱ የትኛው እንደ ነበረ በእግሩ ሊታወቅ አይችልም።

አሁን ማስመሪያው ይፍረድ። «ለገበሬዎች» ቢሆን ከ«ገ» በኋላ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ሦስት ፊደላት ይጠይቃል፤ ቦታው ግን የሁለት ብቻ ነው። ፊደላችን ሰፊና ጠባብ ስላለው በረጅም ቀዳዳ ውስጥ የአንድ ወይም የሁለት ፊደል ልዩነት ሊታለፍ ይችላል። በሁለት ፊደል ቦታ ላይ ግን ሦስት ሰፋፊ ፊደላትን ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ በስሜት የመጣው ቃል በልኩ ወደቀ። የሚገጥሙት ሌሎች ናቸው፦ ለገ[ዳማ]ት፥ ለገ[ባሮ]ች፥ ደግሞም ለገ[ረዶ]ች። ሦስቱም ልካቸው ትክክል ነው፤ ሦስቱም ከፊደሉ እግር ጋር ይስማማሉ። ነገር ግን አንደኛው ገዥውን የገዳማት ረዳት፥ ሁለተኛው የገባሮች ተቈርቋሪ፥ ሦስተኛው የቤቱን አገልጋዮች መጋቢ ያደርገዋል። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጦ አንድ ምዕራፍ ሊሠራበት ይችላል። ምዕራፉ የሚቆመው ግን በብራናው ላይ ሳይሆን በቀዳዳው ላይ ነው።

ታማኝ አሳታሚ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? በጽሑፉ ውስጥ ለገ[..] ብሎ ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል፤ የመጨረሻውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ አድርጎ ያኖራል፤ ሦስቱን ግምቶች ደግሞ በግርጌ ማስታወሻ ይዘረዝራል። በሌላ ቦታ ያው ትእዛዝ የተገለበጠበት ብራና ቢገኝ፥ ወይም ቀጣዩ መስመር ስለ መነኮሳት የሚናገር ቢሆን፥ ያን ጊዜ «ዳማ» የሚለውን ወደ ቅንፉ ሊያገባው ይችላል። ቅንፉ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ግምቱ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ቅንፍ የሚወልቀው ፊደሉ በዓይን ሲታይ ብቻ ነው።

ከምሳሌው ወደ እውነተኛው ነገር እንለፍ። ለዚህም ከአገራችን ሥነ ጽሑፍ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ጉዳይ አለን፤ እርሱም የመጽሐፈ ሄኖክ ጉዳይ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመው። ኋላም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በግብፅ አገር በአክሚም የመጽሐፉን መጀመሪያ ክፍል የያዘ የግሪክኛ ብራና ተገኘ። ሊቃውንቱ ግን ከግሪክኛውም በፊት መጽሐፉ በአራማይክ ወይም በዕብራይስጥ የተጻፈ መሆን አለበት ይሉ ነበር። በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን በአራተኛው ዋሻ ውስጥ ከተገኙት እጅግ ብዙ ቁርጥራጮች መካከል የአራማይኩ ሄኖክ ብጣሾች ተለይተው ወጡ። ፖላንዳዊው ሊቅ ዮሴፍ ሚሊክ የአሥራ አንድ ጥቅልሎች ቅሪት መሆናቸውን ወሰነ፤ በ1976 ከእንግሊዝኛ ትርጕምና ከሐተታ ጋር አሳተማቸው።

እነዚህ ብጣሾች ምን እንደሚመስሉ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ የቆዳ ቁራጮች ናቸው፤ በአንዱ ላይ ሁለት ቃል፥ በሌላው ላይ ግማሽ ቃል ይገኛል። ቆዳው ከመጥቈሩ የተነሣ በተራ ብርሃን የማይታየው ቀለም በታሕተ ቀይ ጨረር ፎቶግራፍ ሲነሣ ይወጣል። መርማሪው መጀመሪያ የእጅ ጽሕፈቱን፥ የቆዳውን ውፍረትና ቀለም፥ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እያስተያየ የአንድን ጥቅል ቁራጮች ወደ አንድ ይሰበስባል። ጥቅል ሆኖ ሳለ የበሰበሰ መጽሐፍ ጕዳቱ በየዙሩ ስለሚደገም፥ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች የቁራጮቹን ተራ ያመለክታሉ። ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ቃላት ከየትኛው የመጽሐፉ ክፍል እንደ ሆኑ መታወቅ አለበት። በዚህ ጊዜ መሪ የሚሆነው ሙሉው የግዕዝ መጽሐፍና፥ ባለበት ቦታ፥ ግሪክኛው ነው። የግዕዙ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ ብጣሾች ብዙዎቹ ስም የሌላቸው ቁራጮች ሆነው በቀሩ ነበር።

ቦታው ከታወቀ በኋላ የሙሌት ሥራ ይጀመራል። መርማሪው የግዕዙንና የግሪክኛውን ቃል ወደ አራማይክ ይመልሳል፤ የመለሰውንም በቀሩት ፊደላት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ይደረድራል፤ ከዚያም የእያንዳንዱን መስመር ፊደል ይቈጥራል። የመስመሮቹ ርዝመት የተቀራረበ ከሆነ ሙሌቱ ሊሆን የሚችል ነው። አንዱ መስመር ከሌሎቹ በጣም ከረዘመ ወይም ካጠረ ግን አራማይኩ በዚያ ቦታ ከግዕዙ ይለይ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የልክ መግጠም ሙሌቱ «ሊሆን ይችላል» ያሰኛል እንጂ «ነበረ» አያሰኝም። አንድን ሐሳብ በእኩል የፊደል ቍጥር በብዙ ዓይነት ቃል መናገር ይቻላልና።

ከዚህ ሥራ ውስጥ አንዱን ቦታ ለይተን እንመርምር። በመጽሐፉ መጀመሪያ ምዕራፍ በ9ኛው ቍጥር ላይ እግዚአብሔር ለፍርድ ከቅዱሳኑ ጋር እንደሚመጣ የሚናገር ቃል አለ፤ ይህም ቃል በሐዲስ ኪዳን በይሁዳ መልእክት በቍጥር 14 እና 15 ተጠቅሶ ይገኛል። ስለዚህ ለዚህ አንድ ቦታ ግዕዙም፥ ግሪክኛውም፥ የይሁዳ መልእክትም ምስክሮች ናቸው። በአራማይኩ በኩል ይህ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተጻፈ ጥቅል ላይ በሦስት መስመሮች ተበጣጥሶ ቀርቷል። በመጀመሪያው መስመር ላይ «እልፍ» የሚል ትርጕም ካለው ቃል መጨረሻው፥ ቀጥሎም «ቅዱሳን» የሚለው ቃል ከመጨረሻ ፊደሎቹ በቀር ይታያል፤ የቃሉ ሥር በግዕዝም በአማርኛም ያለው «ቀደሰ» ነው። በሁለተኛው መስመር ላይ «ሥጋ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ጠፍቶ፥ ቀጥሎም ስለ ሥራ የሚናገር ቃል ጅምሩ ይገኛል። በሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ታላላቅ» እና «ጽኑ» ወይም «ከባድ» የሚሉ ሁለት ቅጽሎች ይነበባሉ። የቀረው ሁሉ፥ ማለት የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ፥ ማን ምን እንደሚያደርግ፥ ማን እንደሚፈረድበት የሚናገረው፥ በቅንፍ ውስጥ ያለ ሙሌት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መስመር እንመለስ፤ የነገሩ ቍልፍ እዚያ ነውና። ግሪክኛው በዚህ ቦታ ኃጥኣን ስለ ተናገሩት ጽኑ ቃል ይናገራል፤ የይሁዳ መልእክትም እንደዚሁ። ግዕዙ ግን በዚህ ቁጥር ስለ ሥራቸው ብቻ ተናግሮ ይዘጋል፤ ስለ ጽኑ ቃል አያነሣም። አራማይኩ ደግሞ «ጽኑ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን፥ በግሪክኛውም በይሁዳም የሌለውን «ታላላቅ» የሚለውን ጨምሮ ይዟል። እንግዲህ ትል ወይም እርጥበት ሦስተኛውን መስመር ትንሽ ጨምሮ በልቶት ቢሆን ኖሮ ምን በሆነ ነበር? መርማሪው ቦታውን ከግዕዙ ብቻ ቢሞላ ስለ ቃል የሚናገረው ሐሳብ በሙሉ በቀረ ነበር፤ ከግሪክኛው ቢሞላ ደግሞ «ታላላቅ» የሚለው ቃል በቀረ ነበር። በሁለቱም መንገድ ልኩ ሊገጥም፥ ሰዋስውም ሊስማማ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ስሕተት በሆኑ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሙሌትን ጠባይ ነው። ሙሌት የሚናገረው የተሞላበት ምንጭ የሚያውቀውን ብቻ ነው። ከግዕዙ የተሞላ አራማይክ የግዕዙን ቃል መልሶ ያሰማናል እንጂ አዲስ ነገር አይነግረንም። ስለዚህ አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ተርጓሚዎች ምን ያህል ጥንቁቆች እንደ ነበሩ ተመልከቱ፤ አራማይኩ ከግዕዙ ጋር ቃል በቃል ይስማማል» ብሎ ቢያስረዳና ማስረጃው በቅንፍ ውስጥ ያለው ክፍል ቢሆን፥ ግዕዙን ከግዕዙ ጋር አስተያየ እንጂ ከአራማይኩ ጋር አላስተያየም። የግዕዙን ታማኝነት ሊመሰክሩ የሚችሉት ከቅንፍ ውጭ የቀሩት ፊደላት ብቻ ናቸው። እነርሱም አንዳንድ ጊዜ ስምምነትን፥ አንዳንድ ጊዜም ልዩነትን ይናገራሉ። ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ጕዞ የሚናገረው የሄኖክ ክፍል ለምሳሌ በአራማይኩ ከግዕዙ በጣም ይረዝም እንደ ነበር ከቅንፍ ውጭ ባሉት ፊደላት ታውቋል፤ የጨረቃን ብርሃን በየሌሊቱ እየቈጠረ የሚሄደው ዝርዝር በግዕዙ አጥሮ ተጽፏል። በዚያ ቦታ ከግዕዙ ብቻ ልሙላ የሚል ሰው የነበረውን ያህል እንኳ ሊሞላ አይችልም።

ሚሊክ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ክርክር የተነሣው በዚሁ ነገር ነበር። እርሱ በሰጠው ስሌት መሠረት የሄኖክ የመጀመሪያው ክፍል፥ ማለት ስለ ትጉሃን የሚናገረው መጽሐፍ፥ ከመቶ 50 እጅ በአራማይኩ ብጣሾች ተሸፍኗል። ይህን የሰማ አንባቢ የመጽሐፉ ግማሽ በአራማይክ ተገኘ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በ1977 ግን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቃውንት የሆኑት ኤድዋርድ ኡለንዶርፍና ማይክል ኒብ መጽሐፉን መርምረው አንባብያንን አስጠነቀቁ። በእነርሱ ግምት በእውነት በቆዳ ላይ የሚነበበው የአራማይክ ጽሑፍ ከሙሉው የግዕዝ መጽሐፍ ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው። እርግጥ ሁለቱ ስሌቶች የሚመዝኑት አንድ ነገር አይደለም፤ የፊተኛው ስለ አንድ ክፍል፥ የኋለኛው ስለ መጽሐፉ በሙሉ ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ ልዩነት የመጣው ከአቈጣጠሩ ነው። ከአንድ ቍጥር ውስጥ ሁለት ቃል የቀረ እንደ ሆነ ቍጥሩን በሙሉ «የተሸፈነ» ብሎ መቍጠር ይቻላል፤ ሁለቱን ቃል ብቻ መቍጠርም ይቻላል። አሁን ያየነውን ቦታ ውሰዱ፤ በመጀመሪያው አቈጣጠር አንድ ሙሉ ቍጥር ተገኝቷል፤ በሁለተኛው አቈጣጠር የተገኙት ጥቂት ቃላት ናቸው።

ሚሊክ ቅንፎቹን አልደበቀም፤ በየገጹ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ የአራማይክ ፊደል የሚያውቅ አንባቢ የታየውንና የተገመተውን ለይቶ ሊያነብ ይችላል። አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ከሙሌቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ የሚጠቅስ ሁለተኛ ጸሓፊ ቅንፉን ለጌጥ አይመችም ብሎ ይተወዋል፤ ከሁለተኛው የሚጠቅስ ሦስተኛው ጸሓፊ ደግሞ ቅንፍ እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም። የጥንት ሮማና ግሪክ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኤርንስት ባዲያን በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ልማድ «ከቅንፍ ውስጥ የሚወጣ ታሪክ» ብሎ ሰይሞ ነቅፎታል።

እስካሁን የተናገርነው ሙሉ መጽሐፍ መሪ ስለ ሆነበት ሙሌት ነው። መሪው ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነስ? ለዚህ ደግሞ ከዚያው ከቁምራን ሌላ ጉዳይ አለ። በ1955 በሰባተኛው ዋሻ ውስጥ በግሪክኛ የተጻፉ ትናንሽ የፓፒረስ ቁራጮች ተገኝተው በ1962 ታተሙ። ከእነርሱ አንዱ አምስተኛ ቁራጭ ተብሎ የተቈጠረው ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአምስት መስመሮች ላይ ሃያ ያህል ፊደላት ቅሪት ይዟል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ የተጐዱ፥ ማለት ከሥራቸው ነጥብ የሚገባቸው ናቸው። በእርግጥ ተሟልቶ የሚነበበው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «እና» ማለት የሆነው «ካይ» ነው።

በ1972 ስፔናዊው ሊቅ ሆሴ ኦካላገን ይህ ቁራጭ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቍጥር 52 እና 53 ነው ብሎ አስታወቀ። ነገሩ እውነት ቢሆን በወንጌሉ ዕድሜ ላይ ያለውን አሳብ ሁሉ ይለውጥ ስለ ነበር በዓለም ጋዜጦች ተስተጋባ። ዋና ማስረጃው በአራተኛው መስመር ላይ የቀሩ አራት ፊደላት ነበሩ፤ በእኛ ፊደል «ንኔስ» ብለን ብንጽፋቸው ይቀርባል። ኦካላገን በእነዚህ ግራና ቀኝ ሞልቶ «ጌንሳሬጥ» የሚለውን የባሕር ዳር አገር ስም አነበበ። ቀድሞ ቁራጩን ያሳተሙት ሊቃውንት ግን በዚያው ፊደላት ላይ «ወለደ» የሚለውን ግሥ ሞልተው የትውልድ ዝርዝር ሊሆን ይችላል ብለው ነበር። አራቱ ፊደላት ለሁለቱም ይመቻሉ። የማርቆስን ቃል በቀሩት መስመሮች ላይ ለማስማማት ግን ሌላ ዋጋ መክፈል አስፈለገ፤ በአንዱ ቃል ውስጥ በሚጠበቀው ፊደል ፈንታ ሌላ ፊደል ተጽፏል ማለት፥ ደግሞም «ወደ ምድር» የሚለው ሐረግ በዚህ ቅጂ ውስጥ አልነበረም ማለት ግድ ሆነ። ከዚህ የተነሣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሐሳቡን አልተቀበሉትም።

የዚህ ጉዳይ ጥቅም የደካማ ሙሌትን ምልክቶች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማሳየቱ ነው። መጀመሪያ፥ ከነጥብ ነፃ የሆኑት ፊደላት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ቀጥሎ፥ ሙሌቱ እንዲገጥም ጸሓፊው ተሳስቷል ወይም ቃል ዘልሏል ማለት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ ከተሰጠ ደግሞ አንድ ትንሽ ቁራጭ ለብዙ መጻሕፍት ሊገጥም ይችላል። በመጨረሻም፥ ለእነዚያው ፊደላት ሌላ እኩል የሚሆን ንባብ አለ። በአንጻሩ ጠንካራ ሙሌት ልኩ ይገጥማል፤ በቀዳዳው ጠርዝ ካለው የፊደል ቅሪት ጋር አይጣላም፤ በጸሓፊው ላይ ስሕተት አይጭንም፤ ከዚያ ቁራጭ ውጭ ከሆነ ምስክርም ድጋፍ ያገኛል። የሄኖክ ሙሌቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ግን፥ «ታላላቅ» በሚለው ቃል እንዳየነው፥ ከቅንፍ መውጣት አይገባቸውም።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ቅንፍና ነጥብ የሞላበት ጥንታዊ ጽሑፍ በእጃችሁ ሲገባ ሁለት ጊዜ አንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝለሉ፤ ከሥሩ ነጥብ ያለበትንም ፊደል በጥርጣሬ እለፉት። የሚቀራችሁ የተቈራረጠና ምናልባትም ትርጕም የማይሰጥ ነገር ይሆናል፤ ጊዜ ያስተረፈልን ግን ያው ነው። በሁለተኛው ንባብ ከነሙሌቱ አንብቡና የአሳታሚውን ሐሳብ ተረዱ። ከዚያ በኋላ ከጽሑፉ አንድ ነገር ለማስረዳት ስትፈልጉ ማስረጃችሁ በመጀመሪያው ንባብ ውስጥ ይገኝ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከተገኘ የጥንቱ ጸሓፊ ምስክራችሁ ነው። የተገኘው በሁለተኛው ንባብ ብቻ ከሆነ ግን ምስክራችሁ የዛሬው መርማሪ ነውና ስሙን ጠርታችሁ «እገሌ እንደ ገመተው» ብላችሁ ጻፉ፤ ቅንፉንም አብራችሁ ገልብጡ።